ነጭ የጥለት ቀሚስን በተራ ፎቶ ላይ ለማልበስ የትኛው መንገድ ይሻላል?

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የፎቶ ማስተካከያ መሣሪያዎች ጃኬትና ጂንስ ለብሶ የቆመን ሰው በጥቂት መስመር ትእዛዝ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሶ እንዲታይ ያደርጋሉ። ነጩን ጨርቅ ማልበስ ለአብዛኞቹ መሣሪያዎች የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ የሚያስቸግረው ጥለቱ ነው። ጥለት ጨርቁ ሲሠራ አብሮ የሚሠራ ነው፤ ሸማኔው ባለቀለሙን ክር በድሩ መካከል እያስገባ በማግ ላይ ማግ ይደራርበዋል። ስለዚህ በጥለት ላይ ያለ ሰያፍ መስመር ሁሉ ቀረብ ብሎ ለሚያየው እንደ ደረጃ እየተቆረጠ የሚወጣ ነው። ጥልፍ ግን ተሠርቶ ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ ወይም በማሽን የሚጨመር በመሆኑ ክብና ጠመዝማዛ ቅርጾችን እንደ ልብ ይሠራል። መሣሪያዎቹ እነዚህን ሁለቱን በቀላሉ ያምታቷቸዋል፤ ከርቀት ሲታይ ያማረ ቀሚስ ይሰጡና ጠጋ ብሎ ለሚመለከት ጥለቱ አበባ የተጠለፈበት ጥብጣብ ወይም በጨርቅ ላይ የታተመ ሥዕል ሆኖ ይገኛል። በመሆኑም ከዚህ በታች የማወዳድራቸውን መንገዶች የምለያቸው በሁለት ጥያቄዎች ነው፤ ጥለቱ ከየት ይመጣል፣ ከዋናው ፎቶስ ምን ያህሉ እንደገና እንዲሳል ይፈቀዳል?

ንጽጽሩን በአንድ ፎቶ ላይ አደርገዋለሁ። ፎቶው የታላቅ እህቴ ልጅ ጣርማ በር ላይ ጉም በወረደበት ማለዳ በስልክ የተነሳችው ነው። ሰማያዊ ወፍራም ጃኬትና ጂንስ ለብሳለች፤ ቀኝ እጇ ስልክ ይዟል፣ ግራ እጇ በጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው። ለእንቁጣጣሽ ለእናቷ የምትልከው ፎቶ እንዲሆንላት ፈለገች፤ የምትለብሰውም መሐል ሜዳ በእናቷ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን ቀሚስ እንዲሆን ጠየቀችኝ። ቀሚሱ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ነው፤ በታችኛው ጠርዙ ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥቁር ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ይዞራል፣ ከደረት ወደ ታች ቀጠን ያለ ጥለት ይወርዳል፣ በእጅጌዎቹ ጫፍም ሁለት ጣት የሚሆን አለ።

የመጀመሪያው መንገድ ፎቶውን ሰጥቶ የሚፈለገውን በቃል ብቻ መግለጽ ነው። ከሁሉም ፈጣን ነው፤ ምንም የሚሣል ወይም የሚቆረጥ ነገር የለውም። ቃላቱ ግን በጥንቃቄ መመረጥ አለባቸው። በአማርኛ ትእዛዝ የሚቀበሉ መሣሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን «የጥበብ ቀሚስ» ብሎ መጻፍ ለአደጋ የተጋለጠ ነው፤ ምክንያቱም «ጥበብ» የሚለው ቃል ዕውቀትም ኪነ ጥበብም ማለት በመሆኑ መሣሪያው የትኛውን እንደያዘ ማወቅ አይቻልም። በእንግሊዝኛ ሲጻፍም የቀሚሱን የባህል ስም ብቻ ሰጥቶ መተው በቂ አይደለም። እኔ ስሙን ብቻ ስጽፍ መሣሪያው ከቀሚሱ ጋር ጀበናና ረከቦት፣ የወርቅ ጌጥና የተሠራ ሹሩባ ጨምሮ ሰጥቶኛል። ስሙ ለመሣሪያው የሚያስታውሰው ቀሚሱን ብቻ ሳይሆን ቀሚሱ ሲታይ አብሮት የሚታየውን ሁሉ ነውና። የተሻለው መንገድ ዕቃውን ራሱን ማስረዳት ነው፤ የጨርቁን ዓይነት፣ የጥለቱን ስፋት ከሰውነት ክፍል ጋር አነጻጽሮ፣ የቅርጹን ባሕርይ፣ ቀጥሎም የማይነካውን ነገር ሁሉ በስም መጥራት ይገባል።

```
Replace the jacket and jeans with an ankle-length
hand-woven cotton dress, matte, soft off-white.
A flat woven band, one hand wide, circles the hem;
narrower bands at both cuffs and down the centre front.
Pattern: small stepped diamonds, dark red, green, gold.
Keep face, hair, pose, shoes and foggy background unchanged.
```

በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ሦስት ምርጫዎች ሆን ተብለው የተደረጉ ናቸው። ጥልፍ የሚለው ቃል የለም፤ እሱ ከገባ አበባ ይመጣል። ጨርቁ የማያብለጨልጭ መሆኑ ተነግሯል፤ «ንጹሕ ነጭ» ብቻ ከተባለ የሳቲን የሙሽራ ቀሚስ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ይላል። የአልማዝ ቅርጾቹም ደረጃ ያላቸው ተብለዋል፤ የሽመናን መልክ ከሌሎቹ ቃላት ሁሉ የበለጠ የጠበቀልኝ ይህ ቃል ነው።

የዚህ መንገድ ደካማ ጎን ግን በቃላት ምርጫ የሚድን አይደለም። በቃል ብቻ የሚሠሩት መሣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ፎቶውን በሙሉ እንደገና ነው የሚስሉት፤ «ፊቷን አትንካ» ቢባሉም ፊቱን እንዳለ አይገለብጡትም፣ አስመስለው ይሠሩታል። በልጅቱ ፎቶ ላይ የታየው ለውጥ ትንሽ ነበር፤ የግራ ቅንድቧ ጥቂት ቀጥ አለ፣ በአገጯ ላይ ያለው ጠባሳ ጠፋ። የማያውቃት ሰው ልብ አይለውም፤ እናቷ ግን ከፊቱ ውጭ ሌላ የምታየው ነገር አይኖራትም። ይህን ለመለየት ዓይንን ብቻ ማመን አይገባም፤ ዋናውንና አዲሱን ፎቶ በሁለት ሌየር ደራርቦ የላይኛውን ማብራትና ማጥፋት ነው። ፊቱ በሁለቱ መካከል ቢንቀሳቀስ እንደገና ተስሏል ማለት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ የወጣውን ፎቶ መልሶ እያስገቡ «አሁን ደግሞ እጅጌውን አስተካክል» ማለት ፊቱን በየዙሩ ከዋናው እያራቀው ይሄዳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሙከራ ከዋናው ፎቶ መነሳት አለበት።

ሁለተኛው መንገድ ማስክ ነው፤ እንደገና የሚሳለውን ቦታ ብቻ በብሩሽ ቀብቶ ለመሣሪያው መስጠት። ማስኩን በትክክል በሚያከብር መሣሪያ ከማስኩ ውጭ ያለው ሁሉ እንዳለ ስለሚቀር የፊት ጉዳይ በአንድ ጊዜ ያልቃል፤ እኔም ለሚታወቅ ሰው ፎቶ ከዚህ ውጭ ያለውን መንገድ አልመርጥም። ብዙዎች የሚሳሳቱት ማስኩን በልብሱ ልክ በመቀባት ነው። መቀባት ያለበት አሁን ልብስ ያለበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ አዲሱ ልብስ የሚያርፍበትም ነው። ጂንስ ሁለት ቀጭን እግር ነው፤ ቀሚስ ግን በእግሮቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ይሞላል፣ ግራና ቀኝ ይሰፋል። ማስኩ የጂንሱን ቅርጽ ብቻ ከተከተለ መሣሪያው በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ቀሚስ ማስገባት ስለማይችል ነጭ ሱሪ ይሠራል። ከጉልበት በታች በሁለቱም በኩል አንድ ክንድ ያህል አስፍቼ ስቀባ ነው ቀሚሱ እንደ ቀሚስ የወረደው።

እጆቹ ለየብቻ መታሰብ አለባቸው። ስልክ የያዘው ቀኝ እጅ ከማስኩ መውጣት አለበት፤ የእጅጌው ጥለት እዚያ ስለሚያርፍ ግን የእጁ አንጓ በማስኩ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ግራ እጇ በኪስ ውስጥ ነበር፤ ጃኬቱ ሲወገድ ኪሱም ይጠፋልና እጁ የሚገባበት የለውም። በመጀመሪያው ሙከራ እጁ በአንጓው ላይ ተቆርጦ ነጩ ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ስለዚህ ክንዱን ከክርኑ ጀምሮ በማስኩ ውስጥ አስገብቼ ግራ እጅ በጎን ተንጠልጥሎ እንዲታይ በትእዛዙ ላይ ጻፍኩ፤ ጣቶቹ በትክክል አምስት ሆነው እስኪወጡ ስድስት ጊዜ ያህል መድገም ነበረብኝ።

Stable Diffusion በተባለው የምስል መሥሪያ ለሚሠሩ ሰዎች ከሁሉ በላይ ልብ የሚባለው `Denoising strength` የሚለው ቁጥር ነው። ከ0 እስከ 1 ይሄዳል፤ ዝቅ ሲል የቀድሞው ምስል ቀለምና ቅርጽ ይበልጥ ይቀራል። በ0.5 ስሠራ ቀሚሱ ሰማያዊ ጥላ ያዘ፣ ትከሻው እንደ ጃኬቱ አብጦ ቀረ፣ የጃኬቱ ዚፕም ተለውጦ የደረቱ ጥለት ሆነ። ከጨለማ ልብስ ወደ ነጭ ሲኬድ ከ0.85 በላይ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ሲጨምር ደግሞ የሰውነት አቋም ሊጠፋ ስለሚችል ControlNet በተባለው ተጨማሪ መሣሪያ አቋሙን መያዝ ይጠቅማል፤ በዚህ ጊዜ የሰውነትን መገጣጠሚያዎች ብቻ የሚያነበውን `openpose` መምረጥ ይገባል። ርቀትን የሚያነበው `depth` የጃኬቱን ውፍረት ጭምር ስለሚያነብ ቀሚሱ ከሥሩ ጃኬት ያለበት አስመስሎ ይሠራዋል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም አገር አብዛኛው ተራ ፎቶ በጃኬት ወይም በጋቢ የተነሣ ስለሆነ ይህ ልዩነት ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጥለቱ ልመለስ፤ ማስክ ፊትን ያድናል እንጂ ጥለትን በራሱ አያድንም። ምክንያቱ የፒክስል ቁጥር ነው። የልጅቱ ፎቶ 3000 በ4000 ፒክስል ነው፤ ቁመቷ 160 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በፎቶው ላይ 2000 ፒክስል ይዛለች። ስለዚህ አንድ ሳንቲ ሜትር 12 ፒክስል ተኩል፣ አሥር ሳንቲ ሜትሩ ጥለት 125 ፒክስል ነው። ብዙ መሣሪያዎች ግን ፎቶውን ወደ አንድ ሚሊዮን ፒክስል አካባቢ አሳንሰው ነው የሚሠሩት፤ ሲያሳንሱት ጥለቱ 36 ፒክስል ገደማ፣ በውስጡ ያለች የአንድ ሳንቲ ሜትር አልማዝም ከአራት ፒክስል ያነሰች ትሆናለች። Stable Diffusion ደግሞ ምስሉን በውስጡ ስምንት ፒክስል በስምንት ፒክስል እየጨመቀ ስለሚያስብ ያቺ አልማዝ ለመሣሪያው የአንድ ነጥብ ግማሽ እንኳ አትሞላም። የሚወጣው የተዝረከረከ ቀለም ከትእዛዙ ጉድለት የመጣ አይደለም፤ ቃላት ቢጨመሩም አይስተካከልም። መፍትሔው ጥለቱ ያለበትን ቦታ ብቻ ቆርጦ ለብቻው ማሠራት ነው። በ Stable Diffusion `Only masked` የሚለው ምርጫ ይህን ራሱ ያደርገዋል፤ በሌሎቹ ደግሞ ከዋናው ፎቶ የቀሚሱን ጠርዝ 1000 በ1000 ፒክስል ቆርጦ ማስተካከልና መልሶ በቦታው መለጠፍ ይቻላል። እንዲህ ሲደረግ ጥለቱ 125 ፒክስሉን እንደያዘ ይቆያል፤ አልማዟም ቅርጿን ታገኛለች።

እስካሁን ባልናቸው ሁለት መንገዶች የሚወጣው ጥለት ግን የማንም ሸማኔ ጥለት አይደለም። መሣሪያው ከቃላት የፈጠረው ነው። ለሰላምታ ካርድ ይበቃ ይሆናል፤ የተወሰነ ቀሚስ ለፈለገ ሰው አይበቃም፤ ቀሚስ ለሚሸጥ ሰው ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ገዢው በፎቶ ያየውን ጥለት በእጁ ሲገባ የማያገኝበት ሥራ ነውና።

ሦስተኛው መንገድ የቀሚሱን ፎቶ ራሱን እንደ ናሙና መስጠት ነው። ዛሬ ሁለትና ከዚያ በላይ ፎቶ በአንድ ጊዜ ተቀብለው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውሩ መሣሪያዎች አሉ፤ ትእዛዙም አጭር ይሆናል።

```
Image 1: the woman. Image 2: the dress.
Dress her in the dress from image 2. Copy the woven band
exactly: same colours, same order, same width.
Keep everything else in image 1 unchanged.
```

እዚህ ላይ ሥራው ከትእዛዙ ወደ ናሙናው ፎቶ ይዛወራል። እህቴ መጀመሪያ የላከችልኝ ፎቶ ሌሊት በአምፑል ብርሃን፣ ቀሚሱ አልጋ ላይ ተጣጥፎ የተነሣ ነበር። ነጩ ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ መሣሪያውም እጥፋቱን የጨርቁ ስፌት አድርጎ ቆጠረው። ስለዚህ «እትዬ፣ እባክሽ ቀሚሱን በር ላይ ስቀዪና በቀን፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው፣ ከፊት ለፊት አንሺልኝ፤ ጥለቱን ብቻ ደግሞ ጠጋ ብለሽ አንድ ፎቶ ጨምሪልኝ፤ በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጊው» አልኳት። የመጨረሻው ልመና ቀላል ቢመስልም ውጤቱን የለወጠው እሱ ነው፤ ቴሌግራም ፎቶን በፎቶነቱ ሲልክ አሳንሶና ጨምቆ ስለሚልከው መጀመሪያ የሚጠፋው የክሩ መልክ ነው።

በጥሩ ናሙናም ቢሆን ሦስት ስሕተቶች እየተደጋገሙ ይመጣሉ። የጥለቱ ስፋት ይለወጣል፤ መሣሪያው ቀሚሱን እንጂ የቀሚሱን ልክ ስለማያውቅ አሥር ሳንቲ ሜትሩን ሃያ ሊያደርገው ይችላል፤ «ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ» ማለት ይረዳል። የመስመሮቹ ቁጥር ይጎድላል፤ ሰባት የነበሩት አምስት ይሆናሉ፤ ይህን የሚያረጋግጠው ከናሙናው ጋር እያስተያዩ መቁጠር ብቻ ነው። ቀሚሱም በር ላይ እንደተሰቀለ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሰው የለበሰው ጨርቅ ግን በወገብና በጉልበት ላይ ይሰበራል፣ ጥለቱም ከጨርቁ ጋር መሰበር አለበት። እጥፋቱ ላይ ሳይሰበር ቀጥ ብሎ የሚያልፍ ጥለት ከላይ የተለጠፈ መሆኑን ወዲያውኑ ያሳብቃል። ልብስን በሰው ፎቶ ላይ አልብሶ ለማሳየት ብቻ የተሠሩ መሣሪያዎችም አሉ፤ ሆኖም ብዙዎቹ የተለማመዱት በሱቅ ፎቶና በአጭር ልብስ ላይ በመሆኑ ረጅሙን ቀሚስ ወገብ ላይ ቆርጠው ሸሚዝ ሲያደርጉት አይቻለሁ፤ ሙሉ ቀሚስ የሚል ምርጫ ከሌላቸው አልመክራቸውም።

አራተኛው መንገድ ጥለቱን ለመሣሪያው አለመተው ነው። መሣሪያው ጥለት የሌለው ነጭ ቀሚስ ብቻ እንዲያለብስ ይደረጋል፤ ከዚያ በቅርብ የተነሣውን የእውነተኛ ጥለት ፎቶ በ GIMP ወይም በተመሳሳይ ፕሮግራም በላዩ ላይ አስቀምጦ፣ በእጥፋቶቹ ልክ አጣሞ፣ የሌየሩን ዓይነት `Multiply` ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ የጥለቱ ፎቶ ነጭ ክፍል ይጠፋል፤ ከሥሩ ያለው የቀሚሱ ጥላና እጥፋት ደግሞ በቀለሙ ላይ ይታያል። ክሩም ቅደም ተከተሉም የሸማኔው ነው፤ መሣሪያው አንድም መስመር አልጨመረም። ጊዜ ግን ይወስዳል፤ ለአንድ ቀሚስ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጅቶብኛል። ጨርቁ ብዙ የተሰበረበት ቦታ ላይም በእጅ ማጣመሙ አድካሚ ነው።

ስለዚህ በልጅቱ ፎቶ ላይ መንገዶቹን አደባለቅኳቸው። በማስክ ነጩን ቀሚስ ብቻ አለበስኳት። የታችኛው ጠርዝ ብዙ እጥፋት ስላለው ያንን ክፍል ቆርጬ በናሙና ፎቶ አሠራሁት። የደረቱና የእጅጌዎቹ ጥለት ጠባብና ቀጥ ያለ በመሆኑ በ `Multiply` በእጄ ለጠፍኩት። በመጨረሻ የነጩን ድምቀት አየሁ፤ ጉም ባለበት ብርሃን ነጭ ጨርቅ ከጉሙ በልጦ ሊያበራ አይገባም፤ የእኔ ግን የድምቀት መጨረሻ የሆነው 255 ላይ ደርሶ የጨርቁ መልክ ጠፍቶ ነበር። ወደ 225 አካባቢ ሳወርደው ሽመናው ታየ፤ ልጅቱም ጣርማ በር ላይ የቆመች መሰለች። ከአገጯ ሥር የቀረውን የጃኬቱን ሰማያዊ ነጸብራቅም የቀለሙን ጥንካሬ በመቀነስ አጠፋሁት።

ነጠላ አልጨመርኩም፤ ይህን ለሌሎችም እመክራለሁ። የነጠላ ጥለት የሚያርፍበት ቦታ በእኛ ዘንድ ትርጉም አለው፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚለበስበት ሌላ ነው፣ ጥለቱ ፊት አጠገብ ሆኖ ለሐዘን የሚለበስበት ሌላ ነው። መሣሪያዎቹ ይህን አያውቁትም፤ የእንቁጣጣሽ ፎቶ ላይ የሐዘን አለባበስ ሊያስቀምጡ ይችላሉ። በዚሁ ምክንያት ጥቁር ለብሶ የተነሣን ሰው ሳይጠይቁ ነጭ ማልበስ አይገባም፤ የለበሰው በሐዘን ሊሆን ይችላልና።

ፎቶውን ለእናቷ ከመላኳ በፊት ቀሚሱን ለሚያውቅ ሰው ማሳየት አስፈላጊ ስለነበር ከናሙናው ጋር አያይዤ ለሌላዋ እህቴ ላክሁላት። ፊቱንም የታችኛውን ጠርዝም ተቀበለችው፤ ነገር ግን በቀኝ እጅጌ ላይ ቀዩ መስመር ወደ ጣቶቹ፣ በግራው ደግሞ ወደ ክርኑ መሆኑን አየች። በእናትየዋ ቀሚስ ላይ ቀዩ በሁለቱም በኩል ወደ ጣቶቹ ነው። ግራውን ስለጥፍ ፎቶውን አዙሬው ኖሯል፤ ሌየሩን ከላይ ወደ ታች ገልብጬ መለስኩት።